ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ቀን የት ገባ?

ቀደም ባለው ጊዜ ሱቅ ከነዕቃው ለመግዛት የፈለገ ነጋዴ በአቅራቢያው ካለ ሻይ ቤት ለጥቂት ቀናት ተቀምጦ ገቢና ወጪውን ሰው በዓይኑ ይቆጥር ነበር። ዛሬ ደላላው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ግራፍ ያሳያል። በግራፉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘሉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ እነርሱ የየዕለቱ ሽያጭ ናቸው። በላያቸው አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ እርሱ የሰባት ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው። «ጋሼ፣ ዘንጎቹን ይተዉአቸው፤ ቀዩን መስመር ብቻ ይመልከቱ» ይላል ደላላው። ገዢውም ቀዩን መስመር ያያል። መስመሩ ወደ ላይ ካቀና የሱቁ ቁልፍ ይወደዳል፣ ቀብዱም ከፍ ይላል።

በዚህ ሁሉ መሐል ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ወይም ሽያጩ ሳይመዘገብ የቀረበት ቀን በቀዩ መስመር ውስጥ እንዴት ተቆጠረ? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በአንድና በዚያው ሱቅ፣ በአንድና በዚያው ሳምንት፣ መልሱ ገበያውን የወደቀ ወይም ያደገ አድርጎ ያሳያል።

በመጀመሪያ መስመሩ ለምን እንደሚሠመር እናስታውስ። የየዕለት ሽያጭ የራሱ የሳምንት ጠባይ አለው። ሰኞ ይቀዘቅዛል፣ ቅዳሜ ይሞቃል፣ እሑድ ይዘጋል። የዛሬውን ሰኞ ከትናንት በስቲያው ቅዳሜ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም። ስለዚህ የዛሬውንና ያለፉትን ስድስት ቀናት ሽያጭ ደምሮ ለሰባት ማካፈል ተለመደ። በማግስቱ አንድ አዲስ ቀን ይገባል፣ አንድ አሮጌ ቀን ይወጣል። በየትኛውም ቀን ቢታይ በመስኮቱ ውስጥ አንድ ሰኞ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ ስለሚኖር የሳምንቱ ውጣ ውረድ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚቀረው እውነተኛው አዝማሚያ ነው። የሰባት ቁጥር ምሥጢሩ ሁሉ ይኸው ነው። ከሰባቱ የሳምንት ቀናት እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ መገኘት አለባቸው። ይህ ከፈረሰ «ሰባት ቀን» የሚለው ስም ብቻ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንመልከት። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ 60 ሺህ ብር፣ ዓርብ 80 ሺህ፣ ቅዳሜ 100 ሺህ ብር ይሸጣል እንበል። እሑድ ዝግ ነው። የሳምንቱ ድምር 420 ሺህ ብር ሆነ። የሒሳቡ ውጤት ጎልቶ እንዲታይ ደግሞ ገበያው ሳምንት ከሳምንት ፈጽሞ የማይለወጥ ነው ብለን እናስብ። እንዲህ ያለ ሱቅ ትክክለኛ መስመሩ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

መዝጋቢው ልጅ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጽፈው ሽያጭ ያለበትን ቀን ብቻ ነው። እሑድ ምንም ስላልተሸጠ የእሑድ ረድፍ የለም፤ ከቅዳሜ ሥር ወዲያው ሰኞ ይመጣል። ከዚያ «ያለፉትን ሰባት ረድፎች አማካይ አውጣ» ብሎ ያዝዛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግን ያሉት ረድፎች ስድስት ብቻ ናቸው። ሰባተኛው ረድፍ ከዚያ በፊት ካለው ሳምንት ይጎተታል። ቅዳሜ ዕለት ሲሰላ ያለፈው ቅዳሜ አብሮ ይገባል፤ ድምሩ 520 ሺህ፣ አማካዩ 74 ሺህ 300 ብር ገደማ ይሆናል። ረቡዕ ዕለት ሲሰላ ሁለት ረቡዕ ይኖራሉ፤ አማካዩ 68 ሺህ 600 ገደማ ነው። ምንም ያልተለወጠ ገበያ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሽቅብ፣ በየሰኞው ቁልቁል ይላል። የሳምንቱን ማዕበል እንዲያጠፋ የተጠራው መስመር ራሱ ማዕበል ሆነ።

ይህ በመደበኛው ጊዜ ነው። በዓል ሲመጣ ይብሳል።

በ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ጥር 11 የዋለው ሰኞ ነበር። ከተራው እሑድ ስለነበረ መደብሩ ሁለት ቀን ተከታትሎ ተዘጋ እንበል። ከማክሰኞ ጥር 12 ጀምሮ እንደ ወትሮው ሸጠ። በዚያ ሳምንት በእውነት የተሸጠው 360 ሺህ ብር ነው፤ ከወትሮው በ60 ሺህ ብር ያንሳል። አሁን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን፣ የሰባቱን ረድፎች አማካይ እናውጣ። የሳምንቱ ረድፎች ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ አምስት። ሁለት ይጎድላሉ። ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜና ዓርብ ተጎትተው ይገባሉ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የሞቁት ሁለቱ ቀናት ማለት ነው። ድምሩ 540 ሺህ፣ አማካዩ 77 ሺህ 100 ብር ገደማ። ወትሮ ቅዳሜ ከሚታየው 74 ሺህ 300 እንኳ ይበልጣል። መደብሩ 60 ሺህ ብር ያጣበት ሳምንት በቀዩ መስመር ላይ ጫፍ ሆኖ ተሣለ። «ሰባት ቀን» የተባለው መስኮትም ከጥር 8 እስከ ጥር 16 ድረስ ዘጠኝ ቀን ተለጥጧል። በዚያው ዓመት የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ስለዋለ፣ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜም ይኸው ጫፍ ይገኛል። ግራፉን የሚያየው ገዢ «በዓል በመጣ ቁጥር ገበያው ይነሣል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ሌላው መዝጋቢ ትንሽ ጠንቃቃ ነው። በዓምዱ ላይ ሁሉንም ቀናት ይጽፋል፤ ሽያጭ በሌለበት ቀን ፊት ለፊት ያለውን ሴል ግን ባዶ ይተወዋል። ከዚያ የኤክሴልን የአማካይ ትእዛዝ ይጠቀማል። ይህ ትእዛዝ ባዶ ሴል ሲያገኝ ይዘልላል፤ ዜሮ የተጻፈበትን ግን ይቆጥራል። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ነው፣ ለኪስ ግን ትልቅ። በመደበኛው ሳምንት 420 ሺህ የሚካፈለው ለሰባት ሳይሆን ለስድስት ነው፤ 70 ሺህ ይሆናል። በጥምቀት ሳምንት 360 ሺህ ለአምስት ይካፈልና 72 ሺህ ይወጣል። ሱቁ አንድ ተጨማሪ ቀን ተዘግቶ አማካዩ በሦስት በመቶ ገደማ አደገ! ለምን ቢባል፣ የተዘለለው ሰኞ ቀዝቃዛ ቀን ስለሆነ ነው። የተዘጋው ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ወደ 64 ሺህ ይወርድ ነበር። እንግዲህ መስመሩ የሚነግረን የገበያውን ሁኔታ ሳይሆን በዓሉ በየትኛው ቀን እንደዋለ ነው።

ሦስተኛው ስሌት የተዘጋውን ቀን ዜሮ ብሎ ድምሩን ምንጊዜም ለሰባት ያካፍላል። በመደበኛው ሳምንት 60 ሺህ፣ በጥምቀት ሳምንት 51 ሺህ 400 ገደማ ይሰጣል። አሥራ አራት በመቶ ያህል ወረደ፤ እውነቱም ይኸው ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ብር በዚያው መጠን ቀንሷልና። ይሁንና ይህም ቢሆን አነባበቡን ለማያውቅ ያሳስታል። መስመሩ ጥር 11 ቀን በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ለሰባት ቀን እዚያው ይተኛል፣ ጥር 18 ቀን በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጥር 18 ቀን ገበያው ላይ ምንም አልተፈጠረም፤ የጥምቀት ሰኞ ከመስኮቱ ስለወጣ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ግራፍ ላይ ደረጃ ወርዶ፣ ልክ ሰባት ቀን ተኝቶ፣ ደረጃ የሚወጣ ቅርጽ ሲታይ ምክንያቱ የአንድ ቀን ነገር እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። እውነተኛ የገበያ መቀዝቀዝ እንዲህ ባለ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይወርድም።

የመጀመሪያው ስሕተት ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምንጭ የአክሲዮን ገበያ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። በዓለም ላይ የአክሲዮን ዋጋ አማካይ የሚሰላው በግብይት ቀናት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶ አይቆጠሩም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ አነጋገር በእኛም አገላለጥ ውስጥ እየገባ ነው። ለአክሲዮን ትክክል ነው። ዋጋ እንደ ውኃ ከፍታ ነው፤ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው ዜሮ አይሆንም፣ ባለበት ይቆያል። ሽያጭ ግን እንደሚፈስ ውኃ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ፍሰቱ ይቆማል። የአንዱን ሥርዓት ለሌላው ማልበስ አይቻልም። ከዚህም በላይ የአክሲዮን ገበያው የሚዘጋው ለሁሉም እኩል ነው። አንዱ ሱቅ ግን በባለቤቱ ለቅሶ፣ ሌላው በመንገድ ቁፋሮ፣ ሦስተኛው በዕቃ እጦት ይዘጋል። ለአሥር ቀን የተዘጋ ሱቅ በረድፍ ስሌት አንዲት ጠባሳ ሳይታይበት ያልፋል፤ የግራፉ የታች መስመር ቀናቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ከደረደረ ደግሞ ክፍተቱ ራሱ ተጨፍልቆ ይጠፋል።

እስካሁን የተነጋገርነው በሩ በእርግጥ ስለተዘጋበት ቀን ነው። ከዚህ የባሰው ሱቁ ሲሸጥ ውሎ መዝገቡ ባዶ የሆነበት ቀን ነው። መብራት ይጠፋል፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ይበላሻል፣ ሽያጩ በእጅ ደረሰኝ ይቆረጣል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማሽኑ ሲሠራ ወይም መዝጋቢው ጊዜ ሲያገኝ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቀን ይገባል።

በዚያው መደብር ረቡዕና ሐሙስ ሳይመዘገቡ ቀርተው ዓርብ ዕለት በዓርብ ቀን ተጠቃለው ገቡ እንበል። የዓርብ ረድፍ 200 ሺህ ብር ያሳያል። የሳምንቱ ድምር ያው 420 ሺህ ነው፤ አንድም ብር አልጠፋም። ባዶ ሴል የሚዘልለው ስሌት ግን መዝገብ ያለባቸውን አራት ቀናት ብቻ ያይና 105 ሺህ ብር አማካይ ያወጣል። ከወትሮው 70 ሺህ በግማሽ ይበልጣል! በዚህ ሳምንት ግራፍ ይዞ የሚዋዋል ደላላ የመብራት መጥፋትን የገበያ መሟሟቅ ብሎ ሸጠ ማለት ነው። አውቆ ላያደርገው ይችላል፤ እርሱም የሚያየው ቀዩን መስመር ነው።

እዚህ ላይ ለሰባት የሚያካፍለው ስሌት ያድናል፤ ድምሩ ሙሉ ስለሆነ 60 ሺህ ይሰጣል። ነገር ግን ለሁሉም ነገር መድኃኒት አይደለም። የሁለቱ ቀን ደረሰኞች ከነጭራሹ ሳይገቡ ቢቀሩስ? ድምሩ 300 ሺህ ይሆናል። ለሰባት ሲካፈል 43 ሺህ ገደማ፣ ለአራት ሲካፈል 75 ሺህ። አንዱ መደብሩን ያለ ጥፋቱ ያዋርደዋል፣ ሌላው ያለ ሥራው ያመሰግነዋል። እውነተኛው 60 ሺህ ከሁለቱም ውስጥ የለም። የማይታወቀውን ዜሮ ማለት ሐሰት ነው፤ የታወቀውን ዜሮ ባዶ መተውም ሐሰት ነው። የችግሩ ሥር እነዚህን ሁለቱን አንድ ዓይነት ባዶ ሴል አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ወረቀቱ ይናገራል። መሣሪያው በየዕለቱ መዝጊያ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት ተከታታይ ቁጥር አለው። በመዝገቡ ላይ ከጎደለው ቀን በፊትና በኋላ ያሉት ዜድ ሪፖርቶች ቁጥራቸው ተከታታይ ከሆነ፣ በመሐል በማሽኑ የተዘጋ ሒሳብ የለም ማለት ነው። ቁጥሩ ከዘለለ ግን ሪፖርት ወጥቶ ወደ መዝገብ ሳይገባ ቀርቷል። ቀጥሎ የእጅ ደረሰኙ ጥራዝ ይታያል። ማሽኑ ዝም ባለባቸው ቀናት ከጥራዙ የተቆረጡ ቁጥሮች ካሉ ሱቁ ሲሸጥ ውሏል፤ ከሌሉ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ የዕቃ መውጫ ሰነድና የባንክ ገቢ ያረጋግጡታል። በዘንጎቹም ላይ ምልክት አለ። ከጎደለ ቀን አጠገብ ከወትሮው እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሆነ ዘንግ ቢቆም የተጠራቀመ ምዝገባ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ደላላው «ይተዉአቸው» ያላቸው ዘንጎች ለዚህ ነው የሚጠቅሙት።

ማስተካከያው ብዙ ወጪ የለውም። በአንደኛው ዓምድ ሁሉም ቀን፣ እሑድም በዓልም ሳይቀር፣ ይጻፋል። በሁለተኛው ዓምድ የቀኑ ሁኔታ፣ ማለትም «ክፍት»፣ «ዝግ» ወይም «አልተመዘገበም» ይባላል። በሦስተኛው ሽያጩ ይገባል፤ ዝግ ለሆነ ቀን ዜሮ ይጻፋል፣ ላልተመዘገበ ቀን ብቻ ባዶ ይተዋል። ተጠራቅሞ የገባ ደረሰኝ በተጻፈበት ቀን ሳይሆን በተቆረጠበት ቀን ይመለሳል። ከዚያ በአራተኛው ዓምድ በመስኮቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደታወቀ፣ በአምስተኛው አማካዩ ይሰላል።

```
=COUNT(C2:C8)
=IF(COUNT(C2:C8)=7,SUM(C2:C8)/7,NA())
```

ሁለተኛው ትእዛዝ የሚለው ሰባቱም ቀናት ሲታወቁ ብቻ አማካይ ስጥ፤ አንዱ እንኳ ካልታወቀ ቁጥር አትስጥ ነው። በዚያ ቦታ መስመሩ ላይ ነጥብ አይቀመጥም። እንደ ኤክሴሉ ዕድሜና አሠራር ግን ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ሊያያይዛቸው ስለሚችል የቀኖቹ ብዛት ያለበት ዓምድ ከግራፉ ጋር አብሮ መታየት አለበት። መስመሩ እንዳይበጣጠስበት የሚፈልግ ሰው ባልታወቀው ረቡዕ ቦታ ያለፉትን አራት ረቡዖች አማካይ ሊያስገባ ይችላል። ክፉ አይደለም፤ ግምት መሆኑ በተለየ ቀለም ወይም በነጠብጣብ መስመር ከታየ። ሳይታይ ከቀረ ግን ግምት በመረጃ ስም ይሸጣል።

አንዳንድ ነጋዴዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «እኔ ማወቅ የምፈልገው በከፈትኩበት ቀን ስንት እንደምሸጥ ነው፤ እሑድን ለምን በእኔ ላይ ትቆጥሩብኛላችሁ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስንት ሻጭ ልቅጠር፣ ለነገ ስንት ዕቃ ላውጣ ለሚል ሰው የሥራ ቀን አማካይ የተሻለ ነው። በዚያ ምሳሌ 70 ሺህ የሚለው ቁጥር በራሱ ውሸት አይደለም፤ ውሸት የሚሆነው «የሰባት ቀን አማካይ» ተብሎ ሲጠራና ከ60 ሺህ ጋር ሲወዳደር ነው። ሱቅ የሚገዛ ወይም በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ዱቤ የሚሰጥ ሰው ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። የቤት ኪራይ እሑድም ይቆጠራል። የባንክ ወለድ በጥምቀትም አያርፍም። የዘበኛው ደመወዝ ሱቁ ተከፈተም ተዘጋም ይከፈላል። እነዚህ ወጪዎች የሚሄዱት በዘመን አቆጣጠሩ ቀን ነውና ገቢውም በዚያው መለኪያ መታየት አለበት።

ሌሎች ደግሞ «ዓመቱን ሙሉ ሲታይ ይስተካከላል» ይላሉ። በረድፍ ወይም በባዶ ሴል ስሌት አይስተካከልም፤ የመስመሩ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ ከእውነቱ በላይ ነው። ከፍ ዝቅ ማለቱ እንኳ ቢጣፋ፣ ማንም ሰው ሱቅ ሲዋዋል የሚያየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳምንታት ነው። ውሉ ከገና ወይም ከጥምቀት ማግስት፣ ወይም መብራት ከተቆራረጠበት ሰሞን ላይ ከዋለ፣ ዋጋው የሚቆረጠው መስመሩ በተዛባበት ጊዜ ነው።

በዚያ መደብር ላይ የአንድ ወር፣ ማለትም የ30 ቀን፣ ሽያጭ ያህል ለቁልፍ ይከፈል ተብሎ ስምምነት ቢደረግ፣ በ60 ሺህ አማካይ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። በ70 ሺህ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ ደረሰኝ ተጠራቅሞ በገባበት ሳምንት በወጣው 105 ሺህ ደግሞ 3 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ይሆናል። ሱቁ ያው ሱቅ ነው፣ ደንበኛውም ያው። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከግራፉ ጀርባ ያለውን የቀናት ዝርዝር፣ ከነዝጉና ካልተመዘገበው፣ ከዜድ ሪፖርቶቹ ጋር አስቀርቦ ማየት አለበት። ሻጩ ዝርዝሩ የለኝም ካለ፣ የሰባቱን ቀን ድምር ከራሱ ከዜድ ሪፖርቶቹና ከእጅ ደረሰኙ ላይ ደምሮ ለሰባት ማካፈል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።